«ውጣ!» ሲባል የሚቀለው ተማሪ

የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ 11 ዓመቱ። ክፍሉ ውስጥ 58 ልጆች አሉ፤ እሱ የሚቀመጠው በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ዴስክ ላይ፣ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ተጣቦ ነው። በመምህራን ማረፊያ ክፍል ስሙ ሲነሳ ሁሉም የሚናገረው አለው። እርሳሱን ዴስክ ላይ ይደልቃል። የጎኑን ልጅ ይጎነትላል። ወረቀት ልጣል ብሎ ይነሳና ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣል። መምህሩ የተናገረውን በዚያው ድምፅ አስመስሎ ይደግማል፣ ልጆቹ በሳቅ ያውካካሉ። የነገሩ መጨረሻ ብዙ ጊዜ «ውጣ!» ነው፤ ሲብስ ደግሞ «ነገ ወላጅ ይዘህ ና» ይባላል።

ይህ ልጅ የአንድ ትምህርት ቤት ልጅ አይደለም። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች መምህራን ደጋግመው ከሚገጥሟቸው ልጆች ተቀምሮ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ምሳሌ ነው፤ ከዚህ በታች የሚመጡት የክፍሉ ቁጥሮችም የምሳሌው ናቸው። አሠራሩ ግን እውነተኛ ነው። ረባሽ ተማሪ ሲያጋጥም የባህርይ ባለሙያዎች የሚከተሉትን መንገድ አንድ ተራ መምህር ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ይዞ ሊሄድበት ይችላል።

መምህራኑ ስለ ልጁ የየራሳቸው ማብራሪያ አላቸው። የሒሳብ መምህሩ «እናቱ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ ነው የተበላሸው፤ አያት ያሳደገው ልጅ ማንን ይፈራል?» ይላል። የአካባቢ ሳይንስ መምህርቷ ቁርስ ሳይበላ እንደሚመጣ ትጠረጥራለች። ዩኒት ሊደሩ «ይሄ እንኳ በሽታ ነው፤ ቁጭ ማለት አይችልም» ብሎ ደምድሟል። የእንግሊዝኛ መምህሩ በአንድ ቃል ጨርሶታል፦ ባለጌ። የስፖርት መምህሩ ደግሞ ሁሉንም ሰምቶ ይገረማል፤ እሱ ዘንድ ልጁ ጨዋ ነው።

ከእነዚህ ግምቶች አንዳቸውም የሞኝ ግምት አይደለም። እናቱ የራቀችበት ልጅ ይከፋል፤ የራበው ልጅ ይነጫነጫል፤ ቁጭ ማለት የሚሳነው ልጅም በእርግጥ አለ። ችግሩ እያንዳንዱ ግምት የሚጠይቀው መፍትሔ የተለያየ መሆኑ ነው። ለራበው ልጅ ምክር አይሠራም። መስማት ለተሳነው ልጅ ቁጣ አይሠራም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ማባባሻ ሊሆን መቻሉ ነው። እንዴት እንደሚያባብስ ይህ ልጅ ራሱ ያሳየናል።

የክፍሉ ኃላፊ መምህርት አማርኛም ታስተምረዋለች። ከመገመት ይልቅ መመዝገብ መረጠች። በጋዋኗ ኪስ የምትገባ ትንሽ ደብተር ያዘችና ገጹን በሦስት ከፈለችው፦ ከመረበሹ በፊት ምን እየሆነ ነበር፣ ልጁ ምን አደረገ፣ ወዲያው ምን ተከተለ። ቀኑንና ክፍለ ጊዜውን ዳር ላይ ትጽፋለች። ሌሎቹ መምህራንም በየክፍለ ጊዜያቸው ግማሽ ገጽ ወረቀት ላይ እንዲሞሉላት ለመነቻቸው፤ አንዳንዱ በደስታ፣ አንዳንዱ እያጉረመረመ ሞላላት። ለክፍሉ አለቃ ግን አልሰጠችውም። ትክክል ናት፤ አለቃ የሚይዘው መዝገብ ወዲያው የክስ መዝገብ ይሆናል፤ ልጁም እንደተያዘ ሲያውቅ ጠባዩን ይለውጣል ወይም እልህ ይጋባል።

አመዘጋገቡ አንድ ጥብቅ ደንብ አለው፤ የዓይን ምስክር የሚያየው ብቻ ይጻፋል። «ባለገ» ተብሎ አይጻፍም። «ናቀኝ» ተብሎም አይጻፍም። «እርሳሱን ሦስት ጊዜ መታ፣ ተነስቶ ወደ በሩ ሄደ» ይባላል። ሦስተኛው ዓምድም እኩል ጥንቃቄ ይፈልጋል። መምህራን ልጁ ያደረገውን ይጽፉና ራሳቸው ያደረጉትን ይዘሉታል። የነገሩ ቁልፍ የሚገኘው ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ነው።

በ10 የትምህርት ቀናት 32 ረብሻ ተመዘገበ። አማርኛ ላይ 11፣ እንግሊዝኛ ላይ 10፣ አካባቢ ሳይንስ ላይ 6፣ ሒሳብ ላይ 3፣ ግብረ ገብ ላይ 2። በሥዕልና በስፖርት ክፍለ ጊዜ አንድም የለም። በሁለቱ ቋንቋዎች ከተመዘገቡት 21 ረብሻዎች ውስጥ 12ቱ የተነሱት በየተራ ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ሲጀመር ነው፤ 5ቱ ከሰሌዳ መገልበጥ ሲጀመር። ንባቡ ከፊት ዴስክ ተነስቶ በየወረፋው ወደ ኋላ ይሄዳል። መምህርቷ ማስታወሻዋን ስታገላብጥ አንድ ነገር አየች፤ ንባቡ ሁለተኛው ዴስክ ሲደርስ የልጁ እርሳስ መደለቅ ይጀምራል። እሱ ሦስተኛው ዴስክ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ቸኩሎ መደምደም ይቻል ነበር። እሷ ግን ሌሎቹን ግምቶች አንድ በአንድ ከመዝገቡ ጋር አስተያየቻቸው።

መጀመሪያ ረሃብን። ረሃብ ሰዓት ያውቃል፤ የትምህርት ዓይነት አይመርጥም። ልጁ የሚረብሸው ስለራበው ቢሆን ኖሮ ረብሻው ከእረፍት በፊት ባለው ክፍለ ጊዜ ላይ፣ ትምህርቱ ምንም ይሁን ምን፣ መከማቸት ነበረበት። የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ሰኞ አንደኛ፣ ረቡዕ ደግሞ አምስተኛ ነው፤ ረብሻው ከሰዓቱ ጋር ሳይሆን ከአማርኛው ጋር አብሮ ተዛወረ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ ፕሮግራም ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስላለ ልጁ ጠዋት ይበላል፤ ይህም ግምቱን ያዳክመዋል። መዝገቡ ሌላ ነገር አሳይቶ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ ሰኞ ጠዋት ብቻ የሚብስ ቢሆን፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚበላ መጠየቅ ይገባ ነበር።

ቀጥሎ ጆሮና ዓይን። ይህን የሚዘሉ ብዙዎች ናቸው፤ መዝለል ግን ነውር ነው። የጆሮ መግል በልጆቻችን ዘንድ የተለመደ ነው፤ ቆይቶ ያልታከመ ጆሮ መስማት ይቀንሳል፤ በደንብ የማይሰማ ልጅም ትእዛዝ ያልፈዋል፣ ጓደኛውን ይጠይቃል፣ «ወሬኛ» ይባላል። መምህርቷ ልጁ ሥዕል እየሣለ ሳለ ከኋላው ቆማ በዝግታ ስሙን ጠራችው፤ አንድ ጊዜ በቀኝ፣ ሌላ ቀን በግራ በኩል። ሁለቱንም ዞረ። ለዓይኑ ደግሞ ከሰሌዳው ላይ የሚገለበጠውን ጽሑፍ በወረቀት ጽፋ አጠገቡ አስቀመጠችለት። የማየት ችግር ቢሆን ወረቀቱ ሲቀርብ ረብሻው መጥፋት ነበረበት። አልጠፋም፤ እርሳሱ መደለቁን ቀጠለ። ጤና ጣቢያ ተልኮ በስድስት ሜትር ርቀት በሚነበበው የዓይን ሰንጠረዥ ሲታይም ዓይኑ ደህና ሆነ። በአንዱ ምርመራ ጥርጣሬ ቢነሳ ኖሮ ቀሪው ሁሉ ሕክምናው እስኪያልቅ ይቆይ ነበር።

ሦስተኛው የዩኒት ሊደሩ ግምት ነው፤ ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ የጤና ችግር። ሐኪሞች ይህን ከመናገራቸው በፊት ጥቂት ነገሮች እንዲሟሉ ይጠይቃሉ። ምልክቶቹ ቢያንስ ለስድስት ወር መታየት፣ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት መጀመር፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ በትምህርት ቤትም በቤትም፣ መከሰት አለባቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። «ሥዕል ሲሥል ቁጭ ብሎ ይውላል፤ ስለዚህ በሽታው የለበትም» ይባላል። ይህ ማስረጃ ደካማ ነው፤ ችግሩ ያለበት ልጅም በሚወደው ነገር ላይ ሊመሰጥ ይችላል። ጠንካራው ማስረጃ ሌላ ነው። ልጁ በማይወደውም፣ በሚሰለቸውም፣ ነገር ግን በማይከብደው ሥራ ላይ እንዴት ነው? ሒሳብ ላይ ሙሉ ገጽ የማባዛት ጥያቄ ተሰጥቶት እያዛጋ ይጨርሰዋል። በዚያ ሰዓት አይነሳም። ያ ግምቱን ገፋው፤ ቢሆንም አልተሰረዘም። መዝገቡ በሁሉም ትምህርትና በቤት ተመሳሳይ ነገር ቢያሳይ ኖሮ ቀጣዩ ሥራ ማስፈራራት ሳይሆን የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወዳለው ሆስፒታል መላክ ይሆን ነበር።

የእናቱ መራቅ ቀረ። ለዚህ መልስ ያላቸው አያቱ ናቸው። መምህርቷ «ወላጅ ይዘህ ና» አላለችውም፤ ይህ ቃል በብዙ ቤት የዱላ ማዘዣ ነው። ራሷ ስልክ ደውላ ጠራቻቸው። አያቱ ነጠላቸውን አስተካክለው ገና ከመቀመጣቸው «ምን አጠፋ ደግሞ የኔ ልጅ?» አሏት። «ምንም አላጠፋም እማማ፤ አንዳንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው» አለቻቸው። እናቱ የሄደችው ልጁ ሦስተኛ ክፍልን ሊጨርስ ሲል ነው። ይሁንና ያመጡት የሁለተኛ ክፍል ካርድ ላይ፣ እናቱ ገና አገር ውስጥ ሳለች፣ መምህሩ «በክፍል ውስጥ ይረብሻል» ብሎ ጽፏል። ስለዚህ ረብሻው ከሐዘኑ ይቀድማል። ምክንያት ነው የተባለው ነገር ከውጤቱ በኋላ ከመጣ ምክንያት ሊሆን አይችልም።

አያቱ ሊሄዱ ሲነሱ አንድ ነገር አሉ። እሳቸው ማንበብ አይችሉም። «ሲጽፍ አየዋለሁ፤ ደብተሩ ሙሉ ነው። ሲያነብ ግን ሰምቼው አላውቅም።»

ለልጁ እናት መራቅ ምንም አይደለም ማለት ግን አይደለም። በየእሁዱ ትደውልለታለች፤ ስልኩ ሲዘጋ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል። መምህርቷ ሰኞ ጠዋት በር ላይ ስታገኘው «እማዬ ደወለች?» ብላ መጠየቅ ጀመረች። ይህን ያደረገችው ረብሻውን ለማቆም አይደለም። ልጁ ስለሚናፍቅ ነው።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት የሁለተኛ ክፍል የአማርኛ መጽሐፍ ይዛ አጠገቧ አስቀመጠችው። የመጀመሪያውን ገጽ ልቅም አድርጎ አነበበላት። ለአንድ አፍታ ግምቷ ሁሉ የፈረሰ መሰላት። ከዚያ ሥዕሉን በእጇ ሸፈነችና ቃላቱን ከመሃል፣ ከታች፣ ከላይ እየነጠለች በጣቷ አሳየችው። ልጁ ጠፋበት። «መስኮት» የሚለውን «መስቀል» አለው። «ቆርቆሮ»ን «ቆሎ» አለው። የቃሉን መጀመሪያ ፊደል ያያል፤ የቀረውን ይገምታል። ገጹን ያነበበው ከዓመታት በፊት በጋራ ሲነበብ ሰምቶ በቃሉ ይዞት ስለነበር ነው። ከዚያ ሰምቶት የማያውቀው ጽሑፍ ሰጥታ በሰዓት ስትለካው በአንድ ደቂቃ ውስጥ በትክክል ያነበበው 14 ቃል ብቻ ነው።

ይህን ለማመን የሚቸገር አንባቢ አይጠፋም፤ አምስተኛ ክፍል ደርሶ? በ2002 ዓ.ም. በኢትዮጵያ በተለያዩ ቋንቋዎች በተካሄደው የታችኛ ክፍል የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከተሰጣቸው ጽሑፍ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር። እነዚህ ልጆች ክፍል መዛወራቸው አይቀርም። የጋራ ንባብ ይሸፍናቸዋል፤ መገልበጥ ይሸፍናቸዋል፤ የጎረቤት ልጅ የቤት ሥራ ይሠራላቸዋል። በትልቅ ክፍል ውስጥ ማንበብ አለመቻልን ለዓመታት መደበቅ ይቻላል። የማይደበቀው ተራ ደርሶ ብቻን ቆሞ የማንበቢያዋ ደቂቃ ናት።

አሁን ወደ ሦስተኛው ዓምድ እንመለስ። በቋንቋ ክፍለ ጊዜያት ከተመዘገቡት 21 ረብሻዎች 13ቱ የተቋጩት «ውጣ!» በሚል ነው። 5ቱ በተግሣጽ፣ 3ቱ ተራው ለሚቀጥለው ልጅ በመሰጠቱ። መንገዱ ይለያይ እንጂ በሃያ አንዱም ልጁ አላነበበም። 57 ልጆች ፊት «መስኮት»ን «መስቀል» ብሎ ከመሳቂያነት ይልቅ ግቢ ውስጥ ከዛፉ ሥር መቀመጥ ለማንም ልጅ ይቀላል። መምህራኑ ቅጣት የመሰላቸው ነገር ለእሱ ክፍያ ነበር። ደጋግመው ከፈሉት፤ እሱም ሥራውን ደጋግሞ ሠራላቸው። ዱላ እንኳ ይህን አይለውጠውም። የተመታ ልጅም ንባቡ ቀርቶለታል፤ ዋጋው ትንሽ ጨመረ እንጂ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በትምህርት ቤት ከሚፈጸም አካላዊ ቅጣት መጠበቁ ለብቻው በቂ ምክንያት ነው፤ ዱላ ለዚህ ልጅ ሥራ የማይሠራ መሆኑ ደግሞ ሌላ ምክንያት ነው።

አንድ ዓይነት ጠባይ በተለያዩ ልጆች ዘንድ በተለያየ ነገር እንደሚመገብ በጥንቃቄ ካሳዩት መካከል አሜሪካዊው ብራያን አይዋታና ባልደረቦቹ ይገኙበታል፤ በ1982 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ራሳቸውን የሚጎዱ ልጆችን በተለያዩ ሁኔታዎች ውስጥ እያስቀመጡ ተመለከቱ። አንዱ ሥራ ሲሰጠው፣ ሌላው ብቻውን ሲሆን ይብስበታል። ከሦስት ዓመት በኋላ ኤድዋርድ ካርና ማርክ ዱራንድ ነገሩን ወደ መፍትሔ ወሰዱት። ሥራ ሲከብዳቸው የሚረብሹ ልጆችን «አልገባኝም» ብለው እርዳታ እንዲጠይቁ፣ ትኩረት ሲያጡ የሚረብሹትን ደግሞ «ጥሩ እየሠራሁ ነው?» ብለው እንዲጠይቁ አስተማሯቸው። ለልጁ ምክንያት የሚስማማው ንግግር ሲሰጠው ረብሻው ቀነሰ። የማይስማማው ሲሰጠው ግን አልቀነሰም። ከዚህ ሁሉ ንባብ አንድ ነገር ብቻ ለመምህራን አድርሱ ብባል የማደርሰው ይህንን ነው፤ ሥራ የከበደውን ልጅ ማሞገስ ወይም ትኩረት የፈለገውን ልጅ ሥራ መቀነስ ድካም ብቻ ነው።

መምህርቷ የሠራችው ዕቅድ ሦስቱን ዓምዶች ተከትሎ የሚሄድ ነው።

ከመረበሹ በፊት ያለውን ለመለወጥ በየዴስኩ በወረፋ ማንበብን አስቀረች። ለእያንዳንዱ ንባብ ልጁ የሚያነበውን ሁለት መስመር በዋዜማው ትነግረዋለች፤ አብረው ያነቡትና ቤት ይዞት ይሄዳል። ከእሱ ሌላ በዚያው ክፍል አምስት ልጆች እንደማያነቡ ደረሰችበት፤ በእርግጥ እነሱ ዝምተኞች ስለሆኑ ማንም አላያቸውም። ስድስቱን ይዛ በሳምንት አራት ቀን ከሰልፍ በፊት ለ10 ደቂቃ መሥራት ጀመረች። ፊደል ገበታውን ከሀ ጀምራ አላስጠናችም፤ ግዕዙን ሁሉም ያውቁታል። የሚደናገራቸው ሳድስና ሳብዕ ስለሆነ በእነሱ ጀመረች፤ ቅል እና ቆሎ፣ ድር እና ዶሮ ጎን ለጎን ተጽፈው ይነበባሉ። መገመት እንዳይቻል ሥዕል የለም፤ ቅደም ተከተሉም በየቀኑ ይለዋወጣል።

ለረብሻው ምትክ የሚሆን ነገር ደግሞ ሰጠችው። ልጁ እስካሁን «ይህ ከብዶኛል» ማለት የቻለው በእርሳስ ድምፅ ብቻ ነበር። ሁለት የለስላሳ ቆርኪ ሰጠችው። አንዱን ዴስኩ ላይ ገልብጦ ካስቀመጠ «ቲቸር፣ ይለፈኝ» ማለት ነው፤ እሷም ምንም ሳትል ታልፈዋለች። በአንድ ክፍለ ጊዜ ሁለት ብቻ ነው የተፈቀደለት። ቁጥሩ ባይወሰን ቆርኪው ራሱ ከንባብ ማምለጫ ይሆናል፤ ጨርሶ ባይሰጥ ደግሞ ልጁ ወደሚያውቀው መንገድ ይመለሳል። ሳምንታት ሲያልፉ ሁለቱ አንድ ይሆናሉ።

ከረብሻው በኋላ የሚሆነው ነገር ከሁሉም ከባዱ ነው። «ውጣ!» ቀረ። እርሳሱ ሲደለቅ አጠገቡ ትሄድና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እርሳሱን አስቀምጥ፤ ይቺን አንዷን ቃል አብረን እንበላት» ትለዋለች። አንድ ቃል ብቻ ነች። ከተነበበች በኋላ ተራው ያልፋል። ሥራው ይቀንሳል እንጂ አይሰረዝም። ሌላ ልጅ የሚጎዳ ነገር ካደረገ ግን መለየት አለበት፤ ያኔም ገጹ አብሮት ይሄዳል፣ ሲረጋጋ ይነበባል።

በመጀመሪያው ሳምንት ረብሻው ባሰ። ቀድሞ በሳምንት አምስት ወይም ስድስት የነበረው ስምንት ሆነ፤ አንዱን ቀን ዴስኩ ላይ ወጣ። ይህ የሚጠበቅ ነው። ለዓመታት ሲሠራለት የነበረ መንገድ ድንገት ሲዘጋበት ልጁ እስቲ ትንሽ ጠንከር ላድርገው ይላል። አብዛኞቹ ዕቅዶች የሚሞቱት በዚህ ሳምንት ነው። መምህሩ «ይኸው አልሠራም» ብሎ እንደገና «ውጣ!» ካለ ልጁ የሚማረው አዲስ ትምህርት ዴስክ ላይ መውጣት እንደሚያዋጣ ነው፤ ከዚያ በኋላ ከእርሳስ አይጀምርም። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ለመጽናት ያልተዘጋጀ ሰው ባይጀምረው ይሻላል። መምህርቷ ይህን ቀድማ ለርዕሰ መምህሩ ነግራው ስለነበር ጩኸቱ ሲሰማ ማንም ገብቶ ልጁን ጎትቶ አላወጣውም። በሦስተኛው ሳምንት ወደ አራት ወረደ፤ በስድስተኛው አንድ።

ንባቡ ግን እንዲህ በፍጥነት አልተለወጠም። ከስድስት ሳምንት በኋላ በደቂቃ 23 ቃል ያነባል። ረብሻው ቀነሰ ማለት ችግሩ አለቀ ማለት አይደለም፤ የጠዋቱ 10 ደቂቃ ቢያንስ ዓመቱን ሙሉ መቀጠል አለበት።

በመዝገቡ ውስጥ ከቋንቋ ውጪ የተመዘገቡ 11 ረብሻዎችም ነበሩ፤ አብዛኞቹ አካባቢ ሳይንስ ላይ። እነዚህ ሌላ መልክ አላቸው። የሚነሱት መምህርቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ ነው፤ የሚያልቁትም በክፍሉ ሳቅ። እዚህ ልጁ ከምንም አይሸሽም፤ የሚፈልገው ሳቁን ነው። ለዚህ ቆርኪው ምንም አይሠራም። መምህርቷ ዝም ብላ ብታልፈውም አይጠቅምም፤ የሚከፍሉት ጓደኞቹ እንጂ እሷ አይደለችምና። ስለዚህ መያዝ ያለበት ከፋዮቹን ነው። በ1969 እ.ኤ.አ. በካንሳስ በአንድ የአራተኛ ክፍል ውስጥ የተሞከረ ጨዋታ አለ። ተማሪዎች በቡድን ይከፈላሉ፤ ከቡድኑ አንዱ ያለ ፈቃድ ሲነሳ ወይም ሲጮህ ለቡድኑ አንድ ጭረት ሰሌዳ ላይ ይሰመራል፤ ጭረቱ ከተወሰነ ቁጥር ያላለፈበት ቡድን ሁሉ ያሸንፋል። የእኛ ክፍሎች በቡድን መቀመጥን ያውቁታል። የሳይንስ መምህርቷ አሸናፊ ቡድኖች አምስት ደቂቃ ቀድመው ለእረፍት እንዲወጡ ፈቀደች። በሁለተኛው ቀን የልጁ ጓደኞች መሳቅ ትተው «ተው እንጂ!» ይሉት ጀመር። አንድ መጠንቀቅ ያለበት ነገር አለ፤ ልጁ ቡድኑን ደጋግሞ ካሸነፈበት ጓደኞቹ በእረፍት ሰዓት ሊደበድቡት ይችላሉ። ይህ ሲታይ ለብቻው አንድ ቡድን አድርጎ መቁጠር ያስፈልጋል።

የእንግሊዝኛ መምህሩ ዕቅዱን አልተቀበለም። ጊዜ የለኝም አለ፤ ስድስት ክፍል በሚያስተምር ሰው አፍ ይህ ሰበብ ብቻ አይደለም። በስድስተኛው ሳምንት አማርኛ ላይ አንድ ረብሻ ሲመዘገብ እንግሊዝኛ ላይ አሁንም አምስት ነበር። ያው ልጅ፣ ያው ሳምንት፣ ያው ክፍል። ይህ ልዩነት ለመምህርቷ ትልቅ ማስረጃ ሆነላት። ልጁ አድጎ፣ በአያቱ ተመክሮ ወይም ራሱ ተጸጽቶ የተለወጠ ቢሆን ኖሮ በእንግሊዝኛም መታየት ነበረበት። የተለወጠው ዕቅዱ በተሠራበት ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። ሁለቱን ቁጥሮች በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ጽፋ ለእንግሊዝኛ መምህሩ አሳየችው እንጂ አልተከራከረችውም። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ሁሉንም ሳይሆን አንዱን ለመሞከር ተስማማ፤ ከሰኞ ጀምሮ በወረፋ ማስነበቡን ያቆማል፣ ለልጁም አንድ ዓረፍተ ነገር በዋዜማው ይሰጠዋል። ቆርኪውን ለጊዜው አልፈለገም። በእንግሊዝኛ ፊደል ላይ ልጁ የት እንዳለ ገና አልተለካም፤ ያንን የምትለካው እሷ ናት፣ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት።